አራት ኮከብ ከመቶ ስንት ነው?

«ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብረ ማርቆስ 31 ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። አሁን የምኖረው ልጄ ዘንድ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ክሊኒክም ቤተ ክርስቲያንም የምሄደው በኡበር ነው። ባለፈው አንድ ጨዋ ሹፌር በሰላም አደረሰኝና አራት ኮከብ ሰጠሁት። ከአምስት አራት ማለት ከመቶ ሰማንያ ነው። እኔ ክፍል ሰማንያ ያመጣ ልጅ ይጨበጨብለት ነበር። የእህቴ ልጅ ራሱ ኡበር ይሠራል። ይህን ስነግረው ‹አክስቴ፣ ምን አድርጎሽ ነው ሰውዬውን እንዲህ የጎዳሽው?› ብሎ ጮኸብኝ። ሰው ሁሉ አምስት ነው የሚሰጠው አለኝ። ሁሉም አምስት ካገኘ ታዲያ ማርኩ ምን ይሠራል? አምስት ብሰጥ ዋሸሁ፣ አራት ብሰጥ በደልኩ። ምን ይሻላል?
መምህርቷ፣ ከአሌክሳንድሪያ»

መምህርት፣ የእህትዎ ልጅ እውነቱን ነው። አነጋገሩ ግን ትንሽ በዝቷል። ሰውዬውን በአንድ አራት አልጎዱትም። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ እስቲ አብረን እናስላው፣ ነገሩ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው።

ሹፌሩ ስልኩ ላይ የሚያየው ቁጥር ተሳፋሪዎች ኮከብ የሰጧቸው የመጨረሻዎቹ 500 ጉዞዎች አማካይ ነው። አዲስ ኮከብ ሲገባ ከሁሉ የቆየው ይወጣል። ኩባንያው በየከተማው ዝቅተኛ አማካይ አለው። ከዚያ በታች የወረደ ሹፌር ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፣ ካላሻሻለም አካውንቱ ሊዘጋ ይችላል። በሹፌሮች ወሬ መሀል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቁጥር 4.6 ነው። ከከተማ ከተማ ይለያያል፤ ለእኛ ስሌት ግን እሱን እንያዝ።

አማካዩ 4.85 የሆነ ሹፌር እንውሰድ። 500 ሰው ሁሉ አምስት ቢሰጠው 2,500 ኮከብ ይኖረው ነበር። አሁን ያለው 2,425 ነው። 75 ኮከብ ጎድሎታል ማለት ነው። የእርስዎ አራት በአንድ የቆየ አምስት ቦታ ሲገባ ድምሩ 2,424 ይሆናል፣ አማካዩም 4.848። ስልኩ ላይ ተጠጋግቶ ያው 4.85 ይላል። ሰውዬው ለውጡን አላየውም። የሰጡት እርስዎ መሆንዎንም አያውቅም፤ የሚታየው አማካዩ እንጂ የሰጪው ስም አይደለም።

አሁን ደግሞ 4.6ን እንይ። 500 ጉዞ በ4.6 ሲባዛ 2,300 ነው። የጎደለው 200 ኮከብ ነው። 200 ኮከብ በስንት መንገድ ይጎድላል? አንደኛው መንገድ ይኸውልዎት። ከአሥር ተሳፋሪ አንዱ በጣም ተናዶ፣ ወይም ፈርቶ፣ አንድ ኮከብ ብቻ ይሰጠዋል። 50 ሰው፣ እያንዳንዱ አራት አራት ኮከብ ያጎድላል፣ ይኸው 200። ይህ ሹፌር በእውነት ችግር አለበት። ሁለተኛው መንገድ ደግሞ እንዲህ ነው። ከአሥር ተሳፋሪ አራቱ እንደ እርስዎ ያሉ ጥብቅ መምህራን ናቸው። ሹፌሩን ወደውታል፤ ‹ጎበዝ ነው፣ ሰማንያ ይገባዋል› ብለው አራት ሰጥተውታል። 200 ሰው፣ እያንዳንዱ አንድ ኮከብ፣ ይኸውም 200።

ሁለቱም ሹፌሮች 4.6 ላይ ናቸው። አንዱ ከአሥር ሰው አንዱን ያስፈራል፣ ሌላው ጨዋ ሰው ነው። ቁጥሩ ሁለቱን አይለይም።

የእህትዎን ልጅ ያስጮኸው ይህ ይመስለኛል። የእርስዎ አንድ አራት ምንም አያመጣም። የእርስዎ ዓይነት ማርክ አሰጣጥ ግን አራት በመቶ ሳይሆን አርባ በመቶ ሰው ዘንድ ቢኖር ጨዋውን ሰው ከሥራ ያስወጣዋል። ሥራውን ገና የጀመረ ከሆነ ደግሞ አንዷም ትከብዳለች። አሥር ሰው ብቻ ኮከብ የሰጠው ሹፌር፣ ዘጠኙ አምስት ሰጥተውት አንዱ ተናዶ አንድ ቢሰጠው፣ 46 ለ10 ነው። 4.6 ላይ ተቀምጧል፤ ገና በመጀመሪያው ሳምንት።

ስለዚህ ‹ከአምስት አራት ከመቶ ሰማንያ ነው› የሚለው ስሌትዎ በሒሳብ ልክ ነው፣ በማርክ ግን አይደለም። እርስዎ ክፍል ማለፊያው 50 ነበር። እዚህ ማለፊያው 4.6 ከሆነ ከመቶ 92 ነው። ማለፊያው 92 የሆነ ፈተና ላይ 80 ያመጣ ልጅ ጎበዝ ይባላል? ወድቋል። በዚያ ላይ የእርስዎ ተማሪ የፈተና ወረቀት ነበረው፣ ጥያቄ አንድ ይህን ያህል፣ ጥያቄ ሁለት ይህን ያህል ተብሎ። እዚህ ወረቀት የለም። አምስት ባዶ ኮከብ ብቻ ነው የቀረበልዎት። አራተኛው ምን ማለት እንደሆነ የጻፈው የለም። ሰዉ በልምድ ሞላው፣ በልምድ ደግሞ አምስት ማለት ‹ችግር አልነበረም› ሆነ።

ይህ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ መሆን የለበትም። ‹እንዴት አደሩ?› ሲባሉ ወገብዎን አሟዎትም ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና› ይላሉ። ዋሹ? አልዋሹም። ሰላምታው የሚጠይቀው የሐኪም ምርመራ እንዳልሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ‹ደህና› ካላሉ ግን ጠያቂው ደንግጦ ‹ምን ሆኑ?› ይላል። የአምስት ኮከብ ነገርም እንዲሁ ነው። ተራና ሰላማዊ ለሆነ ጉዞ አምስት መስጠት ‹ደህና› ማለት ነው፣ ውሸት አይደለም። አራት ደግሞ ‹ምን ሆኑ?› ያስብላል። ባይገርምዎት መተግበሪያው ራሱ ይጠይቃል። ከአምስት በታች ሲጫኑ ምን እንደተፈጠረ እንዲመርጡ ዝርዝር ያወጣልዎታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ነገሩ ‹ልማድ ነው› ተብሎ ብቻ አያልፍም፣ አምስቱ አንዳንዴ የእውነት ውሸት ነው።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ የያዘኝ ሹፌር የአገሬ ልጅ ሆነ። ስሜን ስልኩ ላይ አይቶ ገና በሩን ስከፍት በአማርኛ ሰላም አለኝ። ደብረ ብርሃን ነው ያደገው፣ እኔም አክስት አለችኝ እዚያ። ስለ ብርዱ ተጫወትን፣ ሳቅን። ግን ስልኩ ጭኑ ላይ ነበር። በየመብራቱ ብቻ ሳይሆን አውራ ጎዳናው ላይ ጎንበስ እያለ መልእክት ይጽፋል። አንዴ መኪናዋ ወደ ግራ ስትሳብ የፊት መቀመጫውን ጨብጬ ያዝኩ። እሱ ቀና አለ፣ አስተካከለ፣ ጨዋታው ቀጠለ። ልወርድ ስል ‹እህቴ፣ አምስቷን እንዳትረሺኝ› አለ። አልረሳሁም። ገና ደረጃውን ሳልወጣ አምስት ተጫንኩ፣ ሦስት ዶላርም ጉርሻ ጨመርኩ።

ማታ ተኝቼ ያቺን ወደ ግራ የተሳበች መኪና አሰብኩ። ከእኔ በኋላ የገባውን ሰውም አሰብኩ። ያ ሰው ከመሳፈሩ በፊት የሹፌሩን አማካይ አይቷል፣ እኔም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለሁበት።

ለምን እንዳደረግኩት አውቃለሁ። ፊት ለፊት ተያይተናል። የአገሬ ልጅ ነው። እንጀራው ነው። አምስት ለመጫን አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ በታች ለመጫን ማብራሪያ ይፈልጋል። እነዚህን ብቻዬን ያገኘኋቸው እንዳይመስልዎት፣ ሰዎች አጥንተውታል። ኤርቢኤንቢ ላይ ቤት የሚያከራዩ ሰዎችን ደረጃ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲያዩት 95 በመቶ የሚጠጋው ቤት አማካዩ 4.5 ወይም 5 ሆኖ አገኙት። እንግዳውና ባለቤቱ ተገናኝተዋል፣ ቡና ጠጥተዋል፣ እንዴት ሦስት ይሰጠዋል? መበቃቀልም አለ። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 የአንዱ አስተያየት ሌላው የራሱን ሳይጽፍ እንዳይታይ ያደረገው ለዚህ ነው። ቂም ፈርቶ የሚያሞግስ ሰው በዝቶ ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላኛው ነው። በኢንተርኔት ሥራ በሚያገናኝ አንድ ገበያ ላይ አሠሪዎች ለሠራተኛው በይፋ ከሚሰጡት ኮከብ ሌላ፣ ሠራተኛው የማያየው ሚስጥራዊ ነጥብም እንዲሰጡ ተጠየቁ። በይፋ ያሞገሱትን ሰው በሚስጥር ዝቅ አድርገው ሰጡት። የልባቸው እዚያ ነበር። ከዚያ ገበያው ሚስጥራዊውን ነጥብ በአማካይ እየደመረ ለሕዝብ ማሳየት ጀመረ። ምን ሆነ መሰለዎት? ያም ነጥብ ቀስ በቀስ ማበጥ ጀመረ። ሰው እውነቱን የሚናገረው ማንም እንደማይጎዳ ሲያውቅ ነው። ቁጥሩ የሰው እንጀራ ላይ መዋል ሲጀምር እጁ ይላላል።

የኮከቡ እብጠት በአንድ ቀን አልመጣም። ጥቂት ሰው አዝኖ አምስት ይሰጣል። አማካዩ ከፍ ይላል። ትናንት ‹ጥሩ› የነበረው አራት ዛሬ ከአማካይ በታች ይሆናል። ስለዚህ አራት መስጠት ይከብዳል፣ ሌላውም አምስት ይሰጣል። ኩባንያውም ማለፊያውን እዚያው ከፍታ ላይ ይተክለዋል። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2009 ራሱ ገልጦ አይቶት ነበር፤ ቪዲዮዎች የሚያገኙት ደረጃ ከሞላ ጎደል ሁሉም አምስት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኮከቡን ጥሎ ወደላይና ወደታች ባለ አውራ ጣት ተካው። ሌሎቹ ግን ኮከቡን አልጣሉም፣ እኛም ከእሱ ጋር እንኖራለን።

ታዲያ እርስዎ ምን ያድርጉ? የፈተና ወረቀቱን ራስዎ ያውጡ። አስተማሪ ነዎት፣ ማርኪንግ ስኪም ሳያወጡ ፈተና አርመው አያውቁም። ቁም ነገሩ መኪና ውስጥ ሳይገቡ መወሰኑ ነው፣ ሹፌሩን ካዩት በኋላ ፊቱ፣ ሽቶው፣ ዘፈኑ፣ አገሩ ሁሉ ኮከቡ ውስጥ ይገባል። የእኔ እንዲህ ነው፣ ከወደዱት ይውሰዱት።

አምስት የምሰጠው በሰላም ካደረሰኝ ነው። አለቀ። መኪናው አዲስ ይሁን አሮጌ፣ ይጫወት ዝም ይበል፣ ለውጥ የለውም። የእርስዎ ጨዋ ሹፌር ያለጥርጥር እዚህ ነው። ለየት ያለ ደግነት ያደረገ፣ ለምሳሌ ዕቃዎን ደጃፍዎ ድረስ የተሸከመ ከሆነ፣ ከአምስት በላይ ኮከብ ስለሌለ እሱን በጉርሻና በጽሑፍ ነው የምለየው። ሁለት መስመር ‹ዕቃዬን ሦስተኛ ፎቅ አወጣልኝ› ብሎ መጻፍ ለሹፌሩ ከኮከቡ በላይ ይሞቀዋል።

አራት የምሰጠው ሹፌሩ ሊያስተካክለው የሚችል አንድ ጉድለት ካየሁና ስሙን መጥራት ከቻልኩ ነው። ‹መኪናው ሲጋራ ሲጋራ ይሸት ነበር›፤ ‹ከተነገረው ቦታ አንድ ብሎክ አልፎ አቆመ፣ በእግሬ ተመለስኩ›። ስሙን መጥራት ካልቻልኩ፣ ‹እንዲሁ ደስ አላለኝም› ከሆነ ነገሩ፣ ችግሩ የእኔ ሊሆን ስለሚችል አምስት እሰጣለሁ። ትራፊኩ ከተጨናነቀ፣ ዋጋው ከተወደደ፣ ካርታው ከተሳሳተ ይህ የሹፌሩ ጥፋት አይደለም። ሒሳቡ እሱ ላይ አይወርድም። ኮከብ ቀንሰው ከሆነም ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ ትክክለኛውን ምክንያት ይምረጡ፣ ‹ሌላ› የሚለውን ተጭነው አይለፉ።

ሦስት እና ከዚያ በታች የአደጋ ነው። የደብረ ብርሃኑ ልጅ እዚህ ነበር መግባት የነበረበት። ግን እዚያ ላይ ኮከቡ ብቻውን አይበቃም፣ ከላይ እንዳየነው የአንድ ሰው ኮከብ ከ500 ውስጥ ጠብታ ነው። ሦስት ኮከብ ብሰጠው አማካዩ በ0.004 ዝቅ ይል ነበር፣ እሱም ለምን እንደሆነ ሳያውቅ መልእክቱን መጻፍ ይቀጥል ነበር። የሚሠራው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው እዚያው መኪና ውስጥ ‹ወንድሜ፣ እባክህ ስልኩን አስቀምጥልኝ፣ ፈራሁ› ማለት። አገሬ ልጅ መሆኑ ለዚህ ይጠቅም ነበር እንጂ ለዝምታ አልነበረም። ሁለተኛው መተግበሪያው ላይ የጉዞ ታሪክ ውስጥ ገብቶ በደህንነት በኩል ሪፖርት ማድረግ። እሱ ከአማካዩ ጋር አይቀላቀልም፣ ሰው ያነበዋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎት። አርብ ማታ ደክሞዎት የሰጡትና እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ የሰጡት ኮከብ አንድ ካልሆነ የማርኪንግ ስኪሙ አልሠራም ማለት ነው። እኔ ወር በገባ ቁጥር የሰጠሁትን ወደኋላ አያለሁ። አራት ከሰጠሁባቸው ለእያንዳንዳቸው ምክንያቱን በአንድ ቃል ማስታወስ ካልቻልኩ ያ አራት የእኔ ድካም እንጂ የሹፌሩ ጥፋት አልነበረም።

ይህ ሁሉ ግን ለኡበርና ለመሰሎቹ ነው። የአምስቱን ቋንቋ ወደ ሌላ ቦታ ይዘውት አይሂዱ። ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ በኋላ በፖስታ ወይም በስልክ የሚመጣልዎት መጠይቅ ለምሳሌ ቃሉን ጽፎታል። ‹ነርሶቹ በአክብሮት ያናገሩዎት ሁልጊዜ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ነው፣ አንዳንዴ ነው ወይስ በጭራሽ?› ብሎ ይጠይቃል። ያኛው ላይ የማታዋ ነርስ ሁለት ቀን ከገላመጠችዎት ‹ሁልጊዜ› አይበሉ። ‹ብዙውን ጊዜ› ነው እውነቱ። የአንዲት ነርስ ስም የለበትም፣ የብዙ ሕሙማን መልስ ተደምሮ ነው ሆስፒታሉ የሚለካው። እዚያው ላይ ከ0 እስከ 10 ሆስፒታሉን ይለኩ የሚል ጥያቄም አለ። ውጤቱ ሲታተም 9 እና 10 በአንድ ላይ ‹ከፍተኛ› ተብሎ ይቆጠራል፣ 7 እና 8 መካከለኛ ነው፣ 6 እና ከዚያ በታች ያለው ዝቅተኛ። ስለዚህ በእርስዎ ክፍል ሰባት ጥሩ ማርክ ቢሆንም እዚያ መካከለኛ መሆኑን አውቀው ይስጡት።

ቅያሜ እንዳይኖር የእህትዎን ልጅም አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እሱ ተሳፋሪዎቹን በኮከብ ሲለካ፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውን ስለሚለካ፣ ሰክሮ ወንበሩ ላይ ለተኛውም አምስት ሰጥቶ ይሆን?

ያ አራት የተሰጠው ሹፌርዎ ነገርም እንቅልፍ አይንሳዎ። በቀን አሥር ሰው ኮከብ የሚሰጠው ከሆነ ከ50 የሥራ ቀን በኋላ የእርስዎ አራት ከ500ው ውስጥ ወጥቶ ይጠፋል።